ሁሉም ጥያቄ «አስቸኳይ» ሲሆን የሚጎዳው ማን ነው?

የአይቲ ድጋፍ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ስክሪን ያውቀዋል። ጠዋት ሲከፍተው ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ነው። ፕሪንተር አልሠራም፤ አስቸኳይ። የይለፍ ቃል ጠፋብኝ፤ አስቸኳይ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሚጀምር ሠራተኛ ኮምፒውተር ይዘጋጅ፤ እሱም አስቸኳይ። ከእነዚህ መሀል የሰርቨሩ ዲስክ ሊሞላ እንደሆነ የሚናገር አንድ ጥያቄ አለ። በቀለሙ ግን ከሌሎቹ አይለይም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በጠያቂዎቹ ላይ ይደፈደፋል። «ሰው ትዕግሥት የለውም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ከዚያ «እባካችሁ ምልክቱን በአግባቡ ተጠቀሙ» የሚል ኢሜይል ይላካል። ለአንድ ሳምንት ያህል ትንሽ መሻሻል ይታያል፤ ወዲያው ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። በእኔ እምነት ችግሩ የጠባይ አይደለም። ወረፋው ራሱ ሰውን ወደ ቀዩ ምልክት ይገፋል። ይህንን በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

አንድ ባለሙያ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ ያስተናግዳል እንበል። አንዱ ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ሌላው ግማሽ ቀን ይበላል። በአማካይ ግን እያንዳንዱ 1 ሰዓት ይወስዳል። ጥያቄዎቹ የሚመጡበት ሰዓት አይታወቅም። ባለሙያው ከጊዜው 90 በመቶውን በሥራ ተይዞ ያሳልፋል። ሁሉም በመጣበት ተራ ቢስተናገድ፣ አንድ ጥያቄ እስኪጀመርለት በአማካይ 9 ሰዓት ይጠብቃል። የሚያስገርመው 10 በመቶ ጊዜው ነጻ ሆኖ ሳለ ጥበቃው ይህን ያህል መርዘሙ ነው። እጅ በተጣበበ ቁጥር ወረፋው በፍጥነት ይረዝማል።

አሁን ምልክት እንጨምር። አስቸኳይ የተባለው ከመደበኛው ቀድሞ ይነሳል፤ የተጀመረ ሥራ ግን አይቋረጥም። ለእንዲህ ዓይነቱ ወረፋ የሒሳብ ሊቁ አላን ኮብሃም እ.ኤ.አ. በ1954 ቀመር አውጥቶለታል። ከጥያቄዎቹ 10 በመቶው ብቻ አስቸኳይ ከሆኑ፣ እነሱ በአማካይ 1 ሰዓት ገደማ ይጠብቃሉ። መደበኞቹ ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ገደማ። ይህ ግሩም ስምምነት ነው። ለጥቂቶች ስምንት ሰዓት ተቆጥቧል፤ ብዙኃኑ የከፈሉት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ግማሾቹ አስቸኳይ ሲሆኑስ? አስቸኳዩ 1.6 ሰዓት፣ መደበኛው 16 ሰዓት ይጠብቃል። 80 በመቶ ሲደርሱ አስቸኳዩ 3.2 ሰዓት፣ መደበኛው 32 ሰዓት። መቶ በመቶ ሲሆኑ ሁሉም ተመልሶ 9 ሰዓት ይጠብቃል። ምልክቱ ባይኖርም ያው ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አስቸኳዩና መደበኛው የሥራ መጠናቸው እኩል እስከሆነ ድረስ የሁሉም አማካይ ከ9 ሰዓት ንቅንቅ አላለም። ምልክት ተጨማሪ እጅ አይፈጥርም። ከአንዱ የጥበቃ ጊዜ ወስዶ ለሌላው ይጭናል እንጂ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ መደበኛው ከአስቸኳዩ አሥር እጥፍ ይጠብቃል። 1 እና 10፣ 1.6 እና 16፣ 3.2 እና 32። ስለዚህ ምልክቱ እየረከሰ ሲሄድም እንኳ ለሚጠቀምበት ሰው ያዋጣዋል። እንዲያውም ሌሎች በበዙበት ቁጥር በመደበኛው መስመር መቅረት ይበልጥ ያስቀጣል። ፕሪንተር የተበላሸበት ሰው በሐቅ «መደበኛ» ብሎ ሲጽፍ 32 ሰዓት እንደሚጠብቅ ካየ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ይመርጣል? ይህ ስግብግብነት አይደለም። ሥርዓቱ ሐቀኛውን እየቀጣው ነው። በኢሜይል የተላከ ምክር ደግሞ ይህን ቅጣት አያነሳለትም።

አንዳንድ ቦታ መፍትሔ ተብሎ ከላይ አዲስ እርከን ይጨመራል፤ «እጅግ አስቸኳይ» የሚባል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደስ ይላሉ። ከዚያ ያው ግፊት አዲሱንም እርከን ይሞላዋል።

ምልክቱ እንደሞተ የሚታወቅባቸው ነገሮች አሉ። አንዱ ባለሙያዎቹ ምልክቱን ማየት ማቆማቸው ነው። የትኛው ይቅደም የሚለው በስልክ፣ በኮሪደር ወሬና በአለቃ ስም መወሰን ይጀምራል። ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ማንም ያልነካው «አስቸኳይ» መኖሩ ነው። በእውነት አስቸኳይ የነበረ ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ወይ ጉዳቱን አድርሶ አልፏል፣ ወይ ሰው ሌላ መላ አበጅቶለታል። ስለዚህ የአንድ ወር አስቸኳይ ጥያቄዎችን አውጥቶ፣ የመጀመሪያው እጅ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደነካቸው ማየት ነው። ያ ቁጥር ስለ ምልክቱ ጤንነት ከማንኛውም የእርካታ መጠይቅ የበለጠ ይናገራል።

ታዲያ ምልክቱ እንዴት ይታመን? ከሁሉ በፊት ጠያቂው ደረጃውን አይምረጥ ባይ ነኝ። ጠያቂው የሚያውቀውን እውነት ይናገር፤ ደረጃውን ሌላ ሰው ከዚያ ያውጣ። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይህን ከተማረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእንግሊዝ ማንቸስተር የተዘጋጀው የታካሚዎች መለያ ሥርዓት አምስት ቀለማት አሉት። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ደቂቃ ውስጥ ሐኪም እንዲያያቸው ታስቧል። ቀለሙን የሚሰጠው የሠለጠነ ነርስ ነው፤ በሕመሙ ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ። ታካሚው ደረቴን አመመኝ ይላል እንጂ «እኔ ቀይ ነኝ» አይልም።

በድጋፍ ክፍልም ሦስት ጥያቄዎች ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። ስንት ሰው ሥራ ፈታ? እስኪስተካከል ድረስ የሚያሠራ ሌላ መንገድ አለ? ካልተነካ መቼ ነው የሚብሰው?

አንድ ምሳሌ ላፍታታ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ከአንድ የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ «ሪፖርቱ አይከፈትልኝም!! በጣም አስቸኳይ!!» ይላል። ሁለተኛው ከሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ «በደመወዝ ፋይሉ ላይ አንዳንድ ድምሮች ትክክል አይመስሉኝም፣ ሲመቻችሁ ብታዩልኝ» ይላል። ምልክቱን ብቻ ካየን ኃላፊው ይቀድማል።

አሁን እንጠይቅ። ሪፖርቱ ያልተከፈተለት አንድ ሰው ነው። ከጎኑ ያለው ባልደረባው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ። የሚፈልገው ደግሞ ለሐሙስ ስብሰባ ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንሂድ። የተሳሳተው ድምር የሁሉንም ሠራተኞች ደመወዝ ይነካል። ሌላ መንገድ የለም። ፋይሉ ዛሬ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ወደ ባንክ ይላካል፤ ከተላከ በኋላ ማስመለሱ ከባድ ነው። በስድስት ሰዓት ውስጥ የሚብሰው ይኼኛው ነው። «ሲመቻችሁ» ያለችው ሴት ናት አስቸኳዩን የያዘችው። በጠያቂው ምርጫ የሚሠራ ምልክት በመጨረሻ የሚለካው የድምፅን ጉልበት ነው፤ ትሑቱና አዲሱ ሠራተኛም ሁሌ ከኋላ ይቀራሉ።

ከዚህ ምሳሌ ሌላም የሚወጣ ነገር አለ። ኃላፊው ውሸት አልተናገረም። በልቡ ያለው «ለሐሙስ ይድረስልኝ» የሚል ነው፤ ቅጹ ግን ቀን የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ያለው ምርጫ «አስቸኳይ» ወይም «መደበኛ» ብቻ ነው። ስለዚህ «እስከ መቼ ያስፈልጋል፣ ለምንስ?» የሚል ቦታ ይጨመር። ብዙ አስቸኳይ ጥያቄዎች ቀን ሲሰጣቸው ይረጋጋሉ።

ይህ ሁሉ ግን መደበኛው መስመር ካልታመነ አይቆምም። «በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንጀምርልዎታለን» ከተባለ፣ በሁለት ቀን መጀመር አለበት። ያን ቃል ለመጠበቅ ብዙ የቆየ መደበኛ ጥያቄ ከአዳዲሶቹ አስቸኳዮች ፊት የሚገባበት ደንብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሁሌ ይገፋል። ለምሳሌ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ጥያቄ አገልግሎት ያቋረጠ ብልሽት ካልሆነ በቀር በማንም አይቀደም። መደበኛው የሚደርስ ከሆነ አስቸኳይ ለማለት የሚገፋ ምክንያት ይቀንሳል። ባለሙያዎቹ ከሚችሉት በላይ ጥያቄ በየቀኑ የሚመጣ ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ምልክት አያድንም። እዚያ ሰው መቅጠር ወይም አንዳንድ ጥያቄዎችን በግልጽ «አንሠራውም» ማለት ነው የሚያስፈልገው።

አስቸኳይ ማለት ጠያቂውንም እንዲያሠራው እፈልጋለሁ። ስልኩን ያንሳ፤ ባለሙያው ሲጠይቀው ወዲያው ይመልስ። አስቸኳይ ብሎ ልኮ ለምሳ የወጣና ለሦስት ሰዓት የማይገኝ ሰው ጥያቄ ወደ መደበኛው ይውረድ፤ ለምን እንደወረደም በአንድ መስመር ይጻፍለት። ማውረድ እንደ ስድብ መታየት የለበትም። ነገሩ ሲባባስ በሁለት ደቂቃ መልሶ የሚወጣበት መንገድ ካለ ማንም አይከፋም።

ቅጣት ግን አልደግፍም። አላግባብ አስቸኳይ ያለን ሰው ማሳጣት ወይም ማስከፈል፣ ደፋሩን ሳይሆን ፈሪውን ነው ዝም የሚያሰኘው። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ በጭራሽ ላትጽፍ ትችላለች። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ለከባድ አደጋ ታካሚዎች ያወጣው መመሪያ እዚህ ላይ ጥሩ ሚዛን አለው። ከባድ ሆነው ሳለ ቀላል ተብለው የሚታለፉት ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል፤ ለዚያ ሲባል ግን ሳይከብዱ ከባድ የሚባሉት ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢደርሱ ይታገሣል። ሁለቱ ስህተቶች ዋጋቸው እኩል ስላልሆነ ነው። በእኛም ወረፋ ከሦስት አስቸኳዮች አንዱ መደበኛ ሆኖ ቢገኝ አልደነግጥም። መደበኛ ተብሎ የተቀመጠ የደመወዝ ፋይል ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲገኝ ግን፣ በማግስቱ ቁጭ ብሎ የትኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ እንዳለፈ መመርመር ያስፈልጋል።