መንታው ከዱባይ መጣ

ጓደኛዬ የወንጀል ልብወለድ ጻፈና 160 ገጹን በፌስታል አንጠልጥሎ አመጣልኝ። «እውነቱን ንገረኝ» አለ። «እውነቱን ንገረኝ» ማለት «አመስግነኝ» ማለት እንደሆነ ባውቅም ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩለት። ሚስትየዋን ጠረጠርኩ። ዘበኛውን ጠረጠርኩ። ገጽ 152 ላይ ገዳዩ ተያዘ። የሟቹ መንታ ወንድም! ከዱባይ የመጣ! ከዚያ በፊት ስሙም ጥላውም የለም።

«እንዳይታወቅ ደበቅኩታ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ እንኳ የሚደበቀው ከአልጋ ሥር ነው፤ ዱባይ አይሄድም። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። ግማሹ ቀልድ ቢሆንም ሁለቱ በቀጥታ ለጓደኛዬ የተጻፉ ይመስላሉ፦ ወንጀለኛው ታሪኩ ሲጀመር አካባቢ መነሳት አለበት፤ መንታ ደግሞ አንባቢው ሳይዘጋጅ ዱብ አይልም።

«እሺ፣ ዘበኛው ገጽ 40 ላይ ደም ያጠበው ለምንድነው?»

«ለማሳሳቻ ነዋ።»

«ደሙ የማን ነው?»

ዝም። ይሄኔ ነው የተናደድኩት። በሐሰት መጠርጠር ምን እንደሆነ አውቃለሁና።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የፋሲካ ሌሊት፣ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ገበታ ቀረበ። እናቴ የድስቱን ክዳን አነሳች። ብልቶቹን ቆጠረች። 11። አባቴ የሚጠብቀው ፈረሰኛ የለም! ድመታችን ሆዷ ተነፍቶ ምድጃው ሥር ተኝታለች። አክስቴ ጨጓራዋን አሟት ቀርታ ስለነበር (በርበሬ የሚባል ነገር በአፏ አይዞርም) ሳስታምም ያመሸሁት እኔ ነኝ። ትራሷን አስተካከልኩ፣ ራዲዮኗን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜ ውኃ አመጣሁላት፣ እግሯን አሸሁ፣ ራዲዮኗን ዘጋሁ። ምስጋናው ምን ሆነ? ጣቶቼ ቀይ ነበሩ። በፋሲካ ሌሊት፣ በአዲስ ልብሴ፣ ተገረፍኩ። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

አያቴ ብቻ አክስቴን ቀና ብለው አዩና «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አሉ። ይህን ተረት እንደምወደው ሌላ አልወድም። ሌባው ዳቦውን መስረቅ ባይችል እንኳ ይልሰዋል። አመል አያስችልማ። ጥሩ ፍንጭም ከሰው አመል ነው የሚወጣው፤ ከወደቀ ቁልፍ ወይም ከተረሳ መሐረብ አይደለም።

አሁን ወደ ላይ ተመለሱ። ክዳኑን እናቴ «አነሳች» ብያችኋለሁ። ድስቱ ተከድኖ ነበር ማለት ነው። ሰርቃ መልሳ የምትከድን ድመት አይቼ አላውቅም። ውኃውንም ነግሬያችኋለሁ፣ ሦስት ጊዜ። በርበሬ በአፏ የማይዞር ሰው ምን አቃጥሏት ነው? ብቻውን ውኃው ምንም አይደለም፤ ሰው ይጠማል። ከክዳኑ ጋር ሲገናኝ ግን አክስቴ ተያዘች።

አልደበቅኩባችሁም። ውኃውን ከትራስና ከራዲዮ መሃል ሸጎጥኩት፤ ወዲያው ደግሞ ግርፋቱን አመጣሁ። የሚገረፍ ልጅ እያየ ብርጭቆ የሚቆጥር ማን አለ? «ውኃ አመጣሁላት» ብዬ አንቀጹን እዚያ ብዘጋው ኖሮ ዓይናችሁ ላይ ይቀር ነበር። የአንቀጽ መጨረሻ እንደ በር ላይ ወንበር ነው፤ የተቀመጠበትን ሁሉም ያየዋል።

ማሳሳቻዎቹም ዕዳ አለባቸው። የድመቷ ሆድ የተነፋው ጎረቤት በግ አርዶ ስለነበር ነው። የኔ ጣት የቀላው የተላጠውን እንቁላል ወጡ ውስጥ ስጨምር ነው፣ ያውም ታዝዤ! የጓደኛዬ ዘበኛ ግን ደሙን እንዳጠበ ቀረ። ዶሮ አርዶ ነበር ቢል ምን ነበረበት? ዶሮ!

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። አክስቴንም ጨምሬ። ከመጨረሻው ገጽ ጀምር አልኩት። መርማሪው «በዚህ አወቅሁ» ያለውን እያንዳንዱን ነገር ወደ ኋላ እየሄድክ ፈልገው፤ ገጹን ካጣኸው አጭበርብረሃል። ከዚያ ለሦስት ሰው አስነብብ። ሦስቱም ገዳዩን ገጽ 60 ላይ ካወቁት ፍንጭህ አፍጥጧል። መልሱን ከሰሙ በኋላም «የት ተጻፈ?» ካሉህ ደግሞ ቀብረኸዋል። እኛ የምንፈልገው ሰውዬው ግንባሩን መትቶ «አይቼው ነበር እኮ!» እንዲል ነው።

ጻፈልኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቡናውን እኔ ከፈልኩ።

ትናንት ደወለ። ደስ ብሎታል።

«መንታውን ገጽ 3 ላይ አስገባሁት» አለኝ። «ርዕሱንም ቀየርኩት።»

«ምን አልከው?»

«መንታው ገዳይ።»