ቁጥሩን አትንኩብን!

የብር ነገር በተነሳ ቁጥር «ዶላር 57 ብር እያለ ኑሮ ኑሮ ነበር» የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ባለፈው እሑድ ማኅበር ላይ የሰማሁት ግን ከሁሉም ይልቃል። ሰውየው ጠላውን ጎንጨት አድርጎ፣ «ምን ያስቸግራል? መንግሥት ነገ ጠዋት 57 ነው ብሎ ያውጅና እንረፍ» አለ። ቤቱ ሙሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ እኔም አብሬ ነቀነቅሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚገባው ሙግት ሳይሆን አድናቆት ነው።

ስለዚህ ላድንቅ። የቋሚ ተመን ወዳጆች ከሁላችንም የሚበልጡበት ተሰጥኦ አላቸው፤ ሸቀጡ ባይኖርም ዋጋውን ብቻ አይተው መርካት ይችላሉ። እስከ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ በየባንኩ ሰሌዳ ላይ የዶላር ዋጋ በኩራት ተጽፎ ይነበብ ነበር፤ 57 ብር ከሳንቲም። ቁጥሩን ማንበብ ለማንም በነጻ የተፈቀደ ነው። በዚያ ዋጋ ዶላር መግዛት የፈለገ አስመጪ ግን ባንኩ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ለመክፈት ማመልከቻውን ያስገባና ወረፋ ይይዛል። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ቅድሚያ አላቸው፤ የቀረው ወራት፣ ሲብስም ከዓመት በላይ ይጠብቃል። ጥበቃው ያንገሸገሸው ሰው ከባንኩ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ያንኑ ዶላር ከ110 ብር በላይ ያገኘው ነበር፤ ወረፋም ማመልከቻም የለውም። ወዳጆቻችን ግን ይህን ሁለተኛውን ዋጋ አይቆጥሩትም። ስላልተለጠፈ የለም።

ከእነዚህም ውስጥ ጥንታውያኑ 57ን ንቀው «በደርግ ጊዜ እኮ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር» ይላሉ። ለትዝታቸው ክብር ስል አንድ ነገር ልጨምርላቸው። ያ ቁጥር የደርግ ሥራ አይደለም፤ የተገኘው በ1965 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ነው። ቀድሞ ዶላር 2 ብር ከ50 ነበር። አሜሪካኖች የዶላራቸውን የወርቅ ዋጋ በ1964 ዓ.ም. ሲቀንሱ 2 ብር ከ30 ሆነ፤ በ1965 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲቀንሱ 2 ብር ከ7 ላይ ደረሰ። ብር ከቦታው አልተነሳም፤ የወረደው ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ለ19 ዓመታት ጦርነትም መጣ፣ ድርቅም መጣ፣ የቡና ዋጋም ወጣ ወረደ፤ ቁጥሩን የነካው የለም። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሲደረግ ጥቁር ገበያው ከዚያም በላይ ይመነዝር ነበር። የ19 ዓመት ዕዳ በአንድ ቀን ተከፈለ፤ ወዳጆቻችን ግን የሚያስታውሱት 19ኙን ዓመት ነው።

እኔ ለቋሚ ተመን ካለኝ ፍቅር ሁሉ የሚበልጠው የሰሊጥ ነጋዴ ፍቅሬ ነው። የዓለም ነጋዴ በሙሉ ለማትረፍ ሲሸጥ፣ ለመክሰር የሚሽቀዳደም ነጋዴ ያፈራነው እኛ ነን። አሠራሩን ለማያውቅ በምሳሌ ቁጥር ላስረዳ። ነጋዴው አንድ ኩንታል ሰሊጥ አገር ውስጥ በ10 ሺህ ብር ይገዛል እንበል። የውጭው ገዢ የሚከፍለው 150 ዶላር ነው። በ57 ብር ሲመነዘር 8,550 ብር ይሆናል። 1,450 ብር ኪሳራ! የማንኛችንም አጎት ቢሆን እዚህ ላይ ንግዱን ትቶ አገሩ ይገባ ነበር። የእኛ ሰው ግን በማግስቱ ሁለተኛ ኩንታል፣ በሠልስቱ ሙሉ የጭነት መኪና ይገዛል፤ ጎረቤቱ ካለው ነጋዴ ጋር ተሻምቶ የአገር ውስጡን ዋጋ ከዓለም ዋጋ በላይ ይሰቅለዋል። ሞኝ ነው? አይደለም። በዚያን ጊዜ መመሪያ ላኪው ካገኘው ዶላር 40 በመቶውን ለራሱ ያስቀራል። ከ150ው ውስጥ 90 ዶላር በሰሌዳው ዋጋ ተመንዝሮ 5,130 ብር ይሰጠዋል። በቀሪው 60 ዶላር የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ያስመጣል። ሴራሚኩ መርካቶ ሲደርስ የሚሸጠው በሰሌዳው ዶላር ተሰልቶ አይደለም፤ ቢያንስ በ115 ብር ተሰልቶ ነው። ያ 6,900 ብር ነው። ሁለቱን ደምሩት፤ 12,030 ብር። በሰሊጡ ከስሮ በሴራሚኩ ተካሰ፤ ሁለት ሺህ ብር ደግሞ በላዩ ተረፈው።

ጥበቡ በዚህ አያበቃም። ውሉ ላይ 150 በማለት ፈንታ 120 ብሎ የሚጽፍም አለ፤ 30ው ዶላር ሳይመጣ እዚያው ውጭ አገር ይቀራል፤ መንግሥትም በበኩሉ ዝቅተኛውን የውል ዋጋ እያወጣ ሲያሳድደው ይኖራል። በዚህ መሐል ሰሊጥ ብቻ የሚያውቅ፣ ሰሊጥ ለቅሞ አበጥሮ መላክን ሙያው ያደረገ፣ ሴራሚክ የማያስመጣ አንድ ቅን ነጋዴ ነበር። እሱ ኪሳራውን የሚያካክስበት ነገር የለውም። ከሰረ፤ ከገበያው ወጣ። ሙያውን የሚያውቀው ወጥቶ ሴራሚክ አስመጪው የአገሪቱ ትልቅ የሰሊጥ ላኪ ተባለ፤ ዋንጫም ተሸለመ። ቁጥር አለመንካት እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

ማኅበርተኛችንን ታዲያ ሳልጠይቀው አልቀረሁም። ልጁ አሜሪካ ነው፤ በየወሩ ይልክለታል። «ያኔ በባንክ ነበር የምትቀበለው?» አልሁት። በእኔ አፈረ። «ለእሱማ የራሴ ሰው አለኝ» አለ። ለአገሩ 57ን ይመኛል፤ ለኪሱ 115ን። ከዚህ የበለጠ ቆራጥ የቋሚ ተመን ወዳጅ አላየሁም።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው። ቤይሩትና ሪያድ የሰው ቤት የምትሠራ እህታችን 200 ዶላር በባንክ ስትልክ እናቷ እጅ 11,400 ብር ገባ። የዚያ ዶላር ዋጋ ግን 23 ሺህ ነበር። የቀረው 11,600 ብር የት ሄደ? ሰማይ አልወሰደውም። በ57 ብር ፈቃድ ያገኘው፣ ያስመጣውን ግን በ115 ሒሳብ የሸጠልን ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ግብር እንኳ ቢሆን ደረሰኝ አለው። ሌሊት ተነስታ የምትፈጭ፣ ፓስፖርቷ የተቀማባት ልጅ ላይ የተጣለ ግብር ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ባለ ሥልጣን የሚያውቅ ነጋዴ። ይህንን «የብር ክብር» ብሎ የሚጠራ ሰው ፊቴ ባይቆም ይሻለዋል።

ወደ አድናቆቴ ልመለስ። ወዳጆቻችን አንድ ቦታ ላይ እውነት አላቸው፤ ያውም ሳያውቁት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የመርካቶው ሴራሚክ ዋጋ ከመነሻውም በጥቁር ገበያው የተሰላ ስለነበር ለመጨመር ብዙ ምክንያት አልነበረውም (ነጋዴው ግን ምክንያት አግኝቶ ጨመረ)። በእርግጥም በሰሌዳው ዋጋ ይገባ የነበረው ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ነበር። ዶላሩ በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ፣ ከዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሲደርስ የእነዚህ ወጪ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ መንግሥትም ጭነቱን በድጎማ እየተሸከመ ቀስ በቀስ ወደ እኛ አወረደው። በዶላር የተበደረ የልማት ድርጅት በዶላር ዕዳው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር ሲሰላ እጥፍ ሆኖ አገኘው። ደመወዝተኛው በብር የሚከፈል፣ በዶላር የሚበላ ሆነ። ተመን መልቀቅ ነጻ ስጦታ ነው ብሎ የነገረን ባለ ከረባት ካለ እሱንም በዚሁ ማኅበር ጠላ እንጋብዘው።

ቋሚ ተመን መያዝ ራሱ አይከለከልም፤ አጥብቀው የያዙ አገሮች አሉ። ዋጋው ግን ውድ ነው። በሰሌዳው ዋጋ ዶላር ለሚፈልግ ሁሉ የሚሸጥበት ክምችት ያስፈልጋል፤ የእኛው ለአንድ ወር የገቢ ንግድ እንኳ የማይበቃ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ መንግሥት በጀቱ ሲጎድል ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ አዲስ ብር ወደ ገበያ መልቀቁን ማቆም አለበት። ብሩ በየዓመቱ እየበዛ፣ የዕቃው ዋጋ እየናረ፣ በዶላር የሚለካው ቁጥር ብቻ ባለበት ቁም ከተባለ፣ ልዩነቱ በጥቁር ገበያው በኩል ይወጣል። ተመኑ ሲለቀቅ ያ ብድር እንዲገደብ የተደረገውና ብሔራዊ ባንክ ለብድር ገበያው መነሻ የሚያደርገው 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ የወጣው ለዚህ ነው። ወለዱ ለተበዳሪ ያማል፤ ብድሩ የተገደበበት መንግሥት ደግሞ ወይ ግብር ይጨምራል ወይ ወጪ ይቀንሳል። 57ን በእውነት የሚወድ ሰው እነዚህን ሁለቱን ከመንግሥት በላይ አጥብቆ መጠየቅ ነበረበት። ማኅበር ላይ ግን «ግብር ይጨመር» ብሎ ጠላ የሚጎነጭ አላየሁም።

እንግዲህ ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ እንበል። ነገ ጠዋት 57 ነው። በመጀመሪያው ቀን ገዢ ይሰለፋል፤ ሻጭ የሚባል ግን ይጠፋል፤ በአደባባዩ ዋጋ መሸጥ የሚያዋጣው ማን ነው? በሳምንቱ ባንኮቹ ይደርቃሉ። በወሩ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ማን ቅድሚያ ይሰጠው ብሎ ይመክራል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እንደሆነው ከውጭ የማይገቡ 38 ዓይነት ዕቃዎች ዝርዝር እንደገና ይወጣል፤ ውስኪና ሽቱ ላይ ሁሉም ይስማማል፣ መኪና ላይ ሲደርሱ ኮሚቴው ለሁለት ይከፈላል። በሦስተኛው ወር ደግሞ የኮሚቴው አባላት አንድ በአንድ የሰሊጥ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ይጀምራሉ።