የሁለት ፊደል ዕርቅ

ሰኔ ሲገባ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ጠባዩ ይቀየራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀመራል፤ የጎደለ ወረቀት ሁሉ ከዚያ በፊት መሟላት አለበት። ግንቦት ላይ «እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰብ ሰላም ነው?» ብሎ የሚጀምረው የሒሳብ ክፍል፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ሰላምታውን ይተዋል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ስም መጥራትም ያቆማል። ቀጥታ «ላክ» ነው።

ይህ ሰው በአፉ እንዲህ አይናገርም። ኮሪደር ላይ ሲያገኝህ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ፣ ስለ ልጆችህ ጠይቆ፣ ሻይ ካልጋበዝኩህ ብሎ ተሟግቶ፣ ጉዳዩን የሚያነሳው ሲሰናበት ነው። «እ... ያቺ ወረቀት ነገርስ?» ይላል። ኢሜይል ላይ ትከሻም ሻይም የለም። የሚቀረው ግሱ ነው። የአማርኛ ግስ ደግሞ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ ብቻውን ሲቀር ይከብዳል።

ሰው ያስቀየመ ኢሜይል ሲገጥም የተለመደው ምክር «እንደገና ጻፈው» የሚል ነው። ምክሩን የሰማ ሰው ቁጭ ብሎ አራት መስመር የነበረውን አንድ ገጽ ያደርገዋል። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብሎ ይጀምራል። የሁለቱን ክፍሎች የቆየ መልካም ግንኙነት ያወሳል። ከዚያ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያቺው «አልላክህም» እግሯን አጣጥፋ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ተቀባዩ ገጹን ሁሉ ዘሎ እሷን ብቻ ያነባል። ጥፋቱ ያለው አንድ ቃል ላይ ከሆነ ለምን ገጽ ይባክናል?

አንድ ኢሜይል እንይ። ከሒሳብ ክፍል ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የተላከ ነው። ሰዎቹ እኩያሞች ናቸው፣ አንተ ይባባላሉ፣ ምሳም አብረው ይበላሉ።

«የሞዴል 19 ቅጂውን እስካሁን አልላክህም። ባለፈው ሳምንት ነግሬሃለሁ። ለምን አዘገየኸው? ዛሬ ከ10 ሰዓት በፊት ላክ።»

ሞዴል 19 ግምጃ ቤት የገባ ዕቃ ገቢ የሚደረግበት ደረሰኝ ነው። (ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22 አለ።) ያ ወረቀት ካልተያያዘ ለአቅራቢው ክፍያ አይወጣም። አቅራቢው ደግሞ ስልክ የሚደውለው ግምጃ ቤት አይደለም፤ ሒሳብ ክፍል ነው። በየቀኑ ነው የሚደውለው። ስለዚህ ጸሐፊው መናደዱ ይገባኛል። ኢሜይሉ ውስጥ ስድብ የለም። ውሸትም የለም። ሆኖም ምሳውን ለየብቻ ለመብላት በቂ ነው።

ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች የሦስቱን ግስ እዩት። አልላክ-ህ-ም። ነግሬ-ሃ-ለሁ። አዘገየ-ኸ-ው። በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ አንዲት ጣት ወደ ተቀባዩ ተቀስራለች። አራተኛው «ላክ» ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ጣት አላስፈለገውም።

የመጀመሪያው «አልደረሰኝም» ይሁን። («ቅጂውን» ላይ ያለችው «ን» አብራ ትወርዳለች፤ እሷን መርሳት ሌላ ዓይነት መሳቂያ ያደርጋል።) ይህ ለትሕትና ብቻ አይደለም፤ ለእውነትም ይቀርባል። ሒሳብ ክፍሉ የሚያውቀው ወረቀቱ እጁ አለመግባቱን ነው። ሰውዬው ልኮት አባሪው ከብዶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። «አልላክህም» ካልክ በኋላ ወረቀቱ ተልኮ ከተገኘ፣ ሽማግሌ መላክ ነው። «አልደረሰኝም» ያለ ሰው ዕዳ የለበትም።

ሁለተኛው «ነግሬሃለሁ» ነው። አማርኛ ውስጥ ይህን ቃል ማን ለማን እንደሚለው እናውቃለን። አባት ለልጁ፣ ፖሊስ ለሾፌር። ከዚሁ ሥር «ተነጋግረናል» የሚል ቃል ይወጣል። ነገሩ ያው ነው፣ ሳምንቱም ያው ነው፤ አሁን ግን ሁለት ሰዎች እኩል ተቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት የሆነው ነገር አንዱ በመስኮት ሲጮህ ሌላኛው እጁን ማወዛወዙ ብቻ ቢሆንም፣ ተነጋግረዋል።

እኔ በጣም የምወደው ሦስተኛውን ነው። «ለምን አዘገየኸው?» ከሚለው ላይ ሁለት ፊደል አንሱ፤ «ለ» እና «ኸ»። «ምን አዘገየው?» ይሆናል። የተጨመረ ነገር የለም፣ ይቅርታም የለም፣ ማባበልም የለም። ጥፋተኛው ግን ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚያመጡት መልስ እንኳ አንድ አይደለም። «ለምን አዘገየኸው?» የተባለ ሰው ይከላከላል፦ «እኔ ሥራ ፈትቼ አይደለም፣ እናንተም ባለፈው ወር...» ብሎ የድሮ ፋይል ይከፍታል። «ምን አዘገየው?» የተባለ ግን ምክንያቱን ይናገራል፦ «ጥራዙ አልቆ አዲሱ ገና አልመጣም።» ሒሳብ ክፍል የሚያስፈልገው ይህ ነው። ጥራዝ ማስመጣት ይቻላል። ሰውን ማሳፈር ጥራዝ አያመጣም።

የመጨረሻው «ላክ» ሁለት ፊደል ይጨመርለት፦ «ላክልኝ»። የ«ልኝ»ን ጉልበት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ብላ» ትእዛዝ ነው፤ «ብላልኝ» የእናት ነው። ወረቀቱ ለመንግሥት ሒሳብ ቢሄድም፣ «ላክልኝ» ሲባል ለወዳጅ የሚደረግ ውለታ ይመስላል። ተቃራኒዋ «ብኝ» ደግሞ ሌላ ጥቅም አላት። «አዘገየህ» ክስ ነው፣ «ዘገየብኝ» ግን እሮሮ። እሮሮ ለሰማ ሰው መልስ መስጠት ይቀላል።

እንግዲህ ኢሜይሉ ይህን ይመስላል፦ «የሞዴል 19 ቅጂው እስካሁን አልደረሰኝም። ባለፈው ሳምንት ተነጋግረናል። ምን አዘገየው? ዛሬ ከ10 ሰዓት በፊት ላክልኝ።» ያው አራት መስመር ነው። ሰዓቱም አልተነካም።

ሰዓቱ እንዳይነካ የምለው በምክንያት ነው። ለማለስለስ የሚጣደፉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጨምሩት ቃል «ቢቻል» ነው። «ቢቻል ዛሬ ከ10 ሰዓት በፊት።» ተቀባዩ ይህን ሲያነብ «ካልተቻለም ነገ» የሚል ያነባል። ነገ ደግሞ «ትናንት አልተቻለም» የሚል መልስ ይመጣል። ማለስለስ ያለበት ሰውዬውን የሚነካው ቃል ነው። ቀንና ሰዓት ድንጋይ ሆነው ቢቀሩ ማንም አይቀየምም። ሰዓት ዘመድ የለውም።

«እባክህ»ም እንዲሁ የሚያታልል ቃል ነው። ብዙ ሰው ትእዛዝ ፊት ላይ ሲለጥፈው የታረቀ ይመስለዋል። «እባክህ ሪፖርቱን ላክ።» በሰላም ጊዜ ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ካልተላከ በኋላ ግን ያቺው «እባክህ» ትንፋሽ ያጠራት ድምፅ ታሰማለች፤ ከ«ኧረ እባክህ!» አንድ እርምጃ ነው የሚቀራት። «እኮ»ም የዚያው ቤተሰብ ናት። በአፍ «ልኬዋለሁ እኮ» ሲባል ፈገግታ አብሮት አለ። በጽሑፍ ፈገግታው ይቀርና «አታነብም እንዴ?» የሚለው ብቻ ይተርፋል። እሷን ማውጣት ነው፣ ምትክ አያሻትም።

ተቀባዩ በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ ሥራው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ግማሽ አክብሮት ከምንም ይብሳል። ለእኩያ የተጻፈ ኢሜይል ለጋሼ ይገለበጣል፣ ላይኛው መስመር ላይ «እርስዎ» ይገባል፣ ታች ግን አንዲት «ላክ» ተረስታ ትቀራለች። ጋሼ ከሌላው አስቀድመው እሷን ያገኟታል። «ይላኩልኝ» መሆን ነበረባት። «ልኝ»ን ቆጥባችሁ «ዛሬ ይላኩ» ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ላልቶ ሲነበብ «እርስዎ ይላኩ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ሰውዬው ራሳቸው ሊላኩ ነው። በጡረታ ዋዜማ ላሉ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቢሮ ደብዳቤ አማርኛ የራሱ መሰላልም አለው። «እንጠይቃለን» ታች ነው። ከፍ ሲል «እናስታውሳለን»። ከዚያ «እናሳስባለን»፣ ከዚያ «በጥብቅ እናሳስባለን»፣ ከሁሉ በላይ «እናስጠነቅቃለን»። ይህን የሚደነግግ መመሪያ አላየሁም፤ ግን ማንኛዋም ጸሐፊ ታውቀዋለች። አዲስ ተቀጣሪው አያውቀውም። ስለዚህ «ነገ የሠራተኞች የቡና ፕሮግራም መኖሩን በጥብቅ እናሳስባለን» ብሎ ለሁሉም ይልካል። ሰው ሁሉ ፈርቶ ቡና ይጠጣል። «እናሳስባለን» «እንጋብዛለን» ቢባል ኖሮ ፈንዲሻው ይበቃ ነበር? አላውቅም፤ ቢያንስ ተስቆ ይበላ ነበር።

ደግሞ ከአለቃ በኩል የምትመጣ አንዲት ቃል አለች። ሠራተኛ ሳምንት ሙሉ ደክሞ ዕቅድ ይልካል። መልሱ «አየሁት» ይላል። ነጥብ። ማየትማ የጥበቃ ሠራተኛውም ያያል። «አነበብኩት» ቢል ያው አንድ ቃል ነው፤ ያ ሠራተኛ ግን ማታ በሰላም ይተኛል። (አለቃው ካላነበበው «ደርሶኛል» ይበል። እሱ አይዋሽም።)

ይህ ሁሉ ማስተካከያ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ ከሁሉ በታች ያለው «ግልባጭ»። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ማር ብታደርጉት፣ ከሥሩ «ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ» ካለ ተቀባዩ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነበው። «ላክልኝ»ም «ተነጋግረናል»ም ያኔ ለዳኛ የቀረበ ማስረጃ ይሆናሉ። እዚያ ላይ የሚቀየር ቃል የለም፤ ሙሉ መስመሩን መሰረዝ ነው።

ካልተሰረዘ ምን እንደሚሆን አይተናል። ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም መልስ ሰጡ፦ «ይህን ለምን ለእኔ ትልካላችሁ? እርስ በርሳችሁ ጨርሱ።» ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ። «ለምን» የሚለው ቃል እዚያም ሊስተካከል ይችል ነበር፤ ግን ሰኔ 28 ነበር፣ የዓመት ጭማሪም ገና አልተፈረመም።