ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ በቴክስት የሚላክ ግጥም፦ ይላክ ወይስ ይቅር?

የጠያቂው ጽሑፍ፦ «ዛሬ ከሰዓት ከአንዲት ልጅ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀጣጥረን ፒያሳ ቡና ጠጣን። እውነቱን ለመናገር አልጠጣነውም፤ ስናወራ ቀዘቀዘ። ሒሳቡን ቀድማኝ ከፈለች። ማታ በቴክስት ግጥም ልልክላት አስቤ የሚከተለውን ጻፍኩ። ልላከው ወይስ ይቅር?

ዓይንሽ ፀሐይ ሆኖ ልቤን አቀለጠው፣
ያላንቺ መኖሬን ሞትም አልበለጠው።»

ደጋፊው ለብዙ ዓመታት አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ተቃዋሚዋ የባንክ ሠራተኛ ናቸው።

ደጋፊው፦ ግጥም ይላክ፤ ይህ ግጥም ግን አይላክ። ወጣቱ ቤት መምታቱንም ምጣኔውንም ያውቃል፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ተከፍሎ በወል ቤት በትክክል ወርዷል። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው። «አቀለጠው» የሚለው ቃል ከታች በ«ጠው» የሚያልቅ ቃል ስለሚፈልግ «አልበለጠው» ተጎትቶ መጣ፤ ሞት ያልበለጠው በክፋት ይሁን በደግነት አንባቢዋ ልታውቅ አትችልም። ቤቱ ሲመታ ሐሳቡ ተመታ ማለት ይህ ነው። ከዚህም ሌላ በሁለቱ ስንኞች ውስጥ ከዚያ ከሰዓት የተወሰደ አንድም ነገር የለም፤ ልጅቷን ገና ያላያት ሰው እንኳ ሊጽፋቸው ይችል ነበር። ጠያቂው ግን ከግጥሙ በላይ ባለው ተራ ዐረፍተ ነገር ላይ ቡናው ሳይጠጣ መቀዝቀዙን ነግሮናል፣ ግጥሙም ያለው እዚያ ነው። እኔ እንደሚከተለው አደርገው ነበር፦

ቡናችን ቀዝቅዞ ሳንጠጣው ቀረና፣
ጨዋታሽ ነው ብዬ ልከስሽ ነውና፣
ቅዳሜ ቅረቢ ምስክርሽን ይዘሽ፣
ፍርዱ ትኩስ ቡና ካጠገቤ ሆነሽ።

ሰሙ የችሎት ቀልድ ነው፤ ወርቁ ደግሞ «ጨዋታሽ ቡናዬን አስረሳኝ፣ ደግመን እንገናኝ» የሚል ነው። ልጅቷ ከፈለገች ለቀልዱ ብቻ ትስቃለች፣ ከፈለገች ወርቁን ታነሣለች።

ተቃዋሚዋ፦ መምህር፣ እርስዎ የሚናገሩት ስለ ላኪው ነው፤ እኔ በተቀባይዋ ቦታ ተቀምጬ ስለማውቅ ከዚያ ልነሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ከመጀመሪያው ቀጠሯችን በኋላ፣ እኔ ገና ታክሲ ውስጥ እያለሁ፣ የስልኬን መስኮት ወደ ታች እየገፋሁ የማነበው ረጅም ግጥም ላከልኝ። ሰውየው ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን «አመሰግናለሁ» ብል ደረቅ ይሆንብኛል፣ በግጥም ልመልስ ብል አልችልበትም፣ «እኔም» ብል ያላሰብኩትን ቃል መግባት ይሆንብኛል። ነገ እመልሳለሁ እያልኩ ሳሳድር ዝምታዬን እንደ እምቢታ ቆጥሮት ራቀ። «በሰላም ገባሽ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ «አዎ፣ አንተስ?» ብዬ ጨዋታው በቀጠለ ነበር። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ግጥም ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ የሚላክ ነገር አይደለም፣ ቢያንስ ሦስተኛውን ይጠብቅ።

በጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው በሰው መሐል ነው፤ ልጅቷ ካልፈለገች እንዳላየች ሆና ታልፋለች፣ ወርዋሪውም አያፍርም። ቴክስት ግን ደርሶ እስክሪኑ ላይ ይቀመጣል፣ ሲነበብም ለብቻ ነው፣ ከዚያም በላይ ለጓደኛ ይታያል።

የእርስዎ አራት ስንኝ ከጠያቂው እንደሚሻል አልክድም። ግን ልጅቷ ሒሳቡን ከኪሷ ከፍላ ሳለ የሚከሳት እሱ መሆኑ እንዴት ነው? «ምስክርሽን ይዘሽ» የሚለውም ጓደኛዋን አስከትላ እንድትመጣ የሚጋብዝ ይመስላል። ደግሞም «ቅረቢ» ትእዛዝ ነው፣ ቀኑንም የቆረጠው እሱ ነው። «ካጠገቤ ሆነሽ» ላይ ስደርስማ በጠረጴዛው ማዶ መቀመጥ የምትፈልግ ሴት ወንበሯን ወደ ኋላ ትስባለች።

ደጋፊው፦ እህቴ፣ የነገሩን ታሪክ ስለ ግጥም ርዝመት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ግጥም ስለመላክ ግን ብዙ አያስረዳም። ያ ሰው በዚያው ሰዓት ያንን ያህል ርዝመት ያለው ስድ ንባብ ቢልክልዎም መልሱ ይጠፋብዎ ነበር። ስለ ሒሳቡ ያነሡት ነጥብ ግን ትልቅ ነው፤ እኔ ቡናው ላይ ሳተኩር እርስዎ ከቡናው የሚበልጠውን አገኙ። ልጅቷ መክፈሏ ለገጣሚው የተሰጠ ዝግጁ ሐሳብ ነው፤ ክሱ ቀርቶ እሱ ባለዕዳ ይሁን።

ርዝመቱን በተመለከተ ደግሞ ስልኩ ራሱ ልክ አበጅቶልናል። በመደበኛው የጽሑፍ መልእክት ላቲን ፊደል ብቻ ሲጻፍ 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት፣ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍተቱም፣ ሥርዓተ ነጥቡም፣ ወደ አዲስ መስመር መውረዱም ይቆጠራል። የፊተኛው ባለ አራት ስንኝ ሲቆጠር 82 ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ይጓዛል፣ ሒሳቡም የሁለት መልእክት ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች መልሰው ይገጥሙታል፤ አሮጌ ስልክ ላይ ግን የተቆረጠው ስንኝ ለብቻው ሊደርስ ይችላል፣ ቤት የሚመታው ቃልም ከጓደኛው ይለያያል።

ከዚህ በመነሣት ወል ቤትን ትቼ ወደ ቡሄ በሉ ቤት እሄዳለሁ፤ አራት አራት ቀለም፣ በስንኝ ስምንት። ልጆች በነሐሴ ደጅ ለደጅ የሚጨፍሩበት ምት ስለሆነ በተፈጥሮው ይዘላል፤ «ሞት» እና «ደም» በዚህ ምት ቢገቡ እንኳ ያስቃሉ እንጂ አያስደነግጡም። ቀለሙን ጠያቂው በጣቱ ፊደል እየቆጠረ ሳይሆን ጮክ ብሎ እያጨበጨበ ይለካ፤ «ተደብቆ» በፊደልም በድምፅም አራት ነው፣ «ከተመቸሽ» ግን በፊደል አምስት ሆኖ በድምፅ አራት ነው፣ የመጨረሻዋ «ሽ» ከፊቷ ካለው ጋር ትዋሃዳለችና።

ቡናው በርዶ ወጉ ሞቆ፣
ጊዜው ሄደ ተደብቆ፣
ያን ቡና ግን ዕዳ አለብኝ፣
ከተመቸሽ አስከፍዪኝ።

ይህ 59 ነው፤ በአንድ መልእክት ይገባል፣ ስሟን ከፊት ለማስቀደምም ቦታ ይተርፋል። ትእዛዙ «ከተመቸሽ» በሚል ተገርቷል፣ ቀኑን የምትቆርጠውም እሷ ናት። «ምን ልመልስ?» ላሉትም አራተኛው ስንኝ መልሱን አዘጋጅቶላታል፤ «አስከፍልሃለሁ» ብትል ቀጠሮ ነው፣ «ምሬሃለሁ» ብትል ደግሞ ማንም ሳያፍር ነገሩ በሣቅ ይዘጋል። እርስዎ ያነሡትን የሎሚውን ነፃነት በጽሑፍ ማግኘት ይቻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቃዋሚዋ፦ «ምሬሃለሁ» የሚለው መውጫ እውነተኛ መውጫ መሆኑን እቀበላለሁ፤ በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ በር አልነበረም። ስለ ፊደል ልክ ያሉት ግን ብዙም የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። እኔ ለጓደኞቼ በላቲን ፊደል ስለምጽፍ 160ው ይበቃኛል፤ አብዛኛው ሰውም አሁን የሚጻጻፈው በቴሌግራም ነው፣ እዚያ ደግሞ ማንም ፊደል አይቆጥርም።

ደጋፊው፦ ስለ ቴሌግራም እውነትዎን ነው፤ በዚያ በኩል ከሆነ ልኩን ስልኩ ሳይሆን ገጣሚው ይጠብቅ፣ ከአራት ስንኝ ወዲያ አይሂድ። ስለ ላቲን ፊደል ያሉት ግን ለወሬ እንጂ ለግጥም አይሆንም። «ገበያ ነኝ፣ እመጣለሁ» ለሚል ሰው አንባቢው የጎደለውን ከሐሳቡ ይሞላል። በግጥም ግን ድምፁ ራሱ ዕቃው ነው። ብዙ ሰው በላቲን «ጠ»ን እና «ተ»ን በአንድ ፊደል ስለሚጽፍ ከፊተኛው ግጥም «ሳንጠጣው» የሚለውን ልጅቷ «ሳንተታው» ብላ ጀምራ ነው የምታርመው፤ «ሞቆ»ም በአንዳንዱ ሰው አጻጻፍ «ሞኮ» ይሆናል። እሷ ቃሉን ስትፈታ ምቱ ያልፋታል፣ ቀልዱም አብሮ ያልፋል።

ተቃዋሚዋ፦ ይሁን፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ። ነገር ግን መላክ ካለበት ከሁለተኛው ስንኝ ላይ ይቁም እላለሁ። «ቡናው በርዶ ወጉ ሞቆ፣ ጊዜው ሄደ ተደብቆ» በራሱ የተሟላ ነው፤ የሆነውን ይናገራል፣ ምንም አይጠይቅም። ሦስተኛውና አራተኛው ስንኝ የቱንም ያህል ቢለዝቡ ጥያቄ ናቸው፣ ጥያቄን በግጥም የተቀበለች ሴት ደግሞ «አይ» ለማለት ከግጥሙ ጋር መጣላት ያለባት ይመስላታል። ሁለተኛውን ቀጠሮ በነጋታው በተራ ቃል፣ ቢቻል ደውሎ ይጠይቃት። ከግጥሙም በፊት «በሰላም ገባሽ?» ይቅደም፤ መልሷ ከመጣ ግጥሙ ይከተል፣ ካልመጣ እስኪነጋ ይቆይ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የገባ ግጥም ሁለት ስንኝም ቢሆን ከባድ ነው።

ደጋፊው፦ በሰዓቱም በ«በሰላም ገባሽ»ም አልከራከርም። በሁለቱ ስንኝ ግን አልስማማም። ጥያቄ የሌለው ግጥም ቀላል ይመስላል እንጂ ለተቀባይዋ የበለጠ ሥራ ነው፤ ቀደም ሲል ራስዎ የነገሩን ችግር፣ ማለትም ምን ብላ እንደምትመልስ አለማወቋ፣ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው። ዕዳውም የፈጠራ አይደለም፤ ከፍላለታለች። እውነተኛውን ነገር ከግጥሙ አውጥተን ውብ የሆነውን ብቻ ብንተው ጠያቂውን ወደ ፀሐዩና ወደ ቀለጠው ልብ በግማሽ መንገድ መመለስ ይሆንብናል።

ተቃዋሚዋ፦ «ጊዜው ሄደ ተደብቆ» ለሚላት ሰው «እኔም አላየሁትም ሲሄድ» ብላ መመለስ አያቅታትም፤ ይህ ለእኔ ከ«አስከፍልሃለሁ» የተሻለ ምልክት ነው፣ ማንም አላስተማራትምና። ጠያቂው ሁለቱንም ይዟል፣ ልጅቷንም ከእኛ ይልቅ የሚያውቃት እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የቱንም ቢልክ፣ መልስ ሳያገኝ ሌላ ግጥም አያስከትል፣ «ደረሰሽ?» ብሎም አይጠይቅ።