ከተማ የገባ ሰላምታ

ከገጠር ወጥተው ትልቅ ከተማ በሰፈሩ ቤተሰቦች ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ ያው ነው፦ «ከተማ ገቡና ሰላምታ ረሱ»። ወቀሳው ስለ ጠባይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሒሳቡ ቢታይ እላለሁ።

የመንደር ሰላምታ ከሩቅ ይጀምራል። ሰው ገና ሠላሳ እርምጃ ላይ እያለ ይታያል፣ ይጠራል፤ ሲቀርብ ይጨበጣል፤ ጥያቄው ከዚያ ይከተላል፦ ልጆቹ፣ የታመመው፣ ከብቱ፣ አዝመራው። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ቢፈጅና በመንገድ ላይ ሃያ ሰው ቢገጥም፣ ሃያ ደቂቃ ነው። ይቻላል፤ ደግሞም አይባክንም፤ የማን ልጅ እንደታመመ መንደሩ የሚሰማው በዚሁ ነው።

ስታንሊ ሚልግራም የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ከተማ ኑሮ ሲጽፍ፣ በማንሃታን እምብርት ቢሮ ያለው ሰው በአሥር ደቂቃ ርቀት ውስጥ 220 ሺህ ሰው ሊያገኝ እንደሚችል ጠቅሷል። ከመቶ አንዱን ብቻ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ሰጥተን ሰላም እንበል ብንል፣ ከ36 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ነገር መቆረጡ አይቀርም። መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥያቄው ነው፤ የማያውቁትን ሰው ልጆች ስም ጠርቶ መጠየቅ አይቻልማ።

ቀጥሎ የሚለወጠው ዓይን ነው። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ኧርቪንግ ጎፍማን እንዳስተዋለው፣ ከተሜዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ድረስ ይተያያሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከመንደሩ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። የገጠሩ ሰው በቀረበ ቁጥር ይበልጥ ያያል፤ ከተሜው ደግሞ ያኔ ዓይኑን ይሰብራል። አዲስ ገቢው ይህን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ከተሜው በበኩሉ የሚያየውንና ሰላም የሚለውን እንግዳ «ምን ሊጠይቀኝ ነው?» ብሎ ይጠረጥራል። መጠርጠሩ ያስታውቃል፦ እርምጃውን ያፈጥናል፣ እጁን ኪሱ ላይ ያደርጋል፣ ሳይጠየቅ «አላውቅም» ይላል። ሁለቱም በየቤታቸው ጨዋ ናቸው።

ነገሩ በእርግጥ የሚወሰነው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ደረጃው ላይ ነው። አምስት ፎቅ፣ በየፎቁ አራት ቤት ያለው ሕንፃ እንውሰድ። ሃያ ቤተሰብ ማለት አንድ ትንሽ መንደር ነው፤ ሰላምታውም ይቻላል። አያት፣ ወላጆችና ሁለት ልጆች ሦስተኛ ፎቅ ገቡ እንበል። አያት በመጀመሪያው ቀን ያገኙትን ሁሉ አስቁመው ከየት እንደመጣና ስንት ልጅ እንዳለው ይጠይቃሉ። ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣው ጎረቤት ይሸሻቸዋል። አባት በዚህ ያፍርና ዝም ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የአባትየው ግን የባሰ ነው። ሚልግራም በየቀኑ ባቡር ጣቢያ እየተያዩ ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሰዎችን አጥንቶ ነበር፤ ዝምታው በቆየ ቁጥር መስበሩ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልተባለ «እንደምን አደሩ» በስድስተኛው ወር ሲባል ሰውን ያስደነግጣል።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደረጃ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ አንድ ቃል፣ ሳይቆሙ። ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ «ሦስተኛ ፎቅ የገባነው ነን»። ጥያቄው የጋራ ጉዳይ እስኪመጣ ይቆይ፤ ውኃ ሲጠፋ ወይም ልጆች አብረው ሲጫወቱ ራሱ ይመጣል። አሳንሰር ውስጥ ከሆነ ሲገቡ ነው ሰላም የሚባለው፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሲባል ሰው ማምለጫ ያጣ ይመስለዋል።

ልጆች ያለ ጥፋታቸው የሚወቀሱበት ቦታ ደግሞ አለ። ቤት ውስጥ «የማታውቀውን ሰው አታናግር» ይባላሉ፤ እንግዳ ሲመጣ «ለምን ሰላም አላልክም?» ይባላሉ። ሁለቱ ትእዛዛት ይጋጫሉ፤ ልጁም አቀርቅሮ ማለፍን ይመርጣል። ትእዛዙ በቦታ ቢከፈል ይገባዋል፦ ከግቢው በር ወደ ውስጥ ለሁሉም፣ ከበሩ ውጪ ለሚያውቀው ብቻ።

ሙሉው ሰላምታስ? ወደ ስልክ ገብቷል። አያት ለመንደር ሲደውሉ ጥያቄው ከአዝመራ እስከ ከብት አንዱም ሳይጎድል ይዘረዘራል፤ ልጁ ግን የሚሰማው የአንድ ወገኑን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ መንደር ሲመለስ ራሱን ነቅንቆ የሚያልፈውና «ኮራ» የሚባለው። ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ይነገረው፦ እየሄዱ ሰላም አይባልም፣ ይቆማል፤ የተጠየቀውን መልሶ እሱም ይጠይቃል፤ ወሬውን የሚዘጉት ታላቁ ናቸው።