እርማት፦ ኤፍል ታወር የተሠራው ሜዳው ላይ እየተበየደ አይደለም

«ኤፍል ታወርን እኮ እዚያው ፓሪስ ሜዳ ላይ ብረቱን እየቆረጡና እየበየዱ ነው ያቆሙት።»

አይደለም፤ ብየዳ የሚባል ነገር የለበትም። 18,038ቱ የብረት ቁርጥራጮች የተቆረጡትና የተበሱት ከከተማው ወጣ ብሎ ሌቫሎዋ ፔሬ በሚገኘው የኤፍል ፋብሪካ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ልክ ተሰልቶ ነበር። አንዱ ቁራጭ አልገጥም ካለ ቦታው ላይ አይሞረድም፣ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል።

ማያያዣው ሪቬት የሚባል ባለ አናት የብረት ካስማ ነው፤ ወደ 2.5 ሚሊዮን ገደማ። ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ፋብሪካው ውስጥ ተመትቶ ነው የመጣው። ሜዳው ላይ ቁራጮቹ መጀመሪያ በቡሎን ይያዛሉ፤ ከዚያ አራት ሠራተኞች ቡሎኑን በሪቬት ይተካሉ፦ አንዱ ያግላል፣ አንዱ ከኋላ ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ አናቱን ቅርጽ ያስይዛል፣ አንዱ በመዶሻ ይመታል። የጋለው ሪቬት ሲበርድ ስለሚኮማተር ሁለቱን ብረት አጥብቆ ያጣብቃል።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ አራቱ ዘመም ያሉ እግሮች በመጀመሪያው ፎቅ ላይ የተገናኙበት ዘዴ ነው። እግሮቹ በአሸዋ በተሞሉ ሲሊንደሮች ላይ ተደግፈው ነበር። አሸዋው ትንሽ ሲፈስ እግሩ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው የውሃ ግፊት ክሪክ ደግሞ ያነሳዋል። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት እስኪገጥሙ ድረስ እንዲህ እየተስተካከለ፣ በታኅሣሥ 1887 እ.ኤ.አ. አራቱ ተያያዙ። ማማው ለ1889 እ.ኤ.አ. የዓለም ኤክስፖ የደረሰው በዚህ አሠራር ነው።