ማስተካከያ፦ በበጀት ማጠቃለያው ላይ ስለ ሠራተኛ ብዛትና ክፍት መደቦች

ከፋይናንስ የመጣ ጥያቄ፦ «46 ሠራተኛ ትላላችሁ፤ ፔሮል ላይ ያለው 41 ነው። አምስቱ የት አሉ?»

ክፍት መደቦች ናቸው። ከሰው ኃይል ዕቅዱ የወሰድኩት «የተፈቀደ መደብ» የሚለውን ዓምድ ነበር፤ መውሰድ የነበረብኝ «በሰው የተያዘ» የሚለውን ነው። ይቅርታ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችው ባልደረባችን ከ41ዱ ውስጥ ናት፤ መደቧ ክፍት አይደለም።

ስህተቱ ብሩንም ነክቷል። አምስቱን በእርከኑ ጣሪያ፣ በ18,000 ብር፣ ለ12 ወር አስልቼ 1,080,000 ብር አስገብቼ ነበር። አዲስ ተቀጣሪ ግን የሚጀምረው በመነሻው፣ በ12,000 ብር ነው። ቅጥሩም ጥቅምት 1 ስለሆነ እስከ ሰኔ የሚከፈለው የ9 ወር፣ ማለትም 540,000 ብር ነው። የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ ጭራሽ ተዘሎ ነበር፤ 59,400 ብር ሲጨመር የክፍት መደቦቹ ወጪ 599,400 ብር ይሆናል።